መሪ ቃሉን ብቻ አሳዩን፤ ዓመቱን የሚያውቅ አለ?

«ኅብረ ብሔራዊ አንድነት ለዘላቂ ሰላም»። «ብዝኃነትና እኩልነት ለሀገራዊ አንድነት»። «ሀገራዊ መግባባት ለኅብረ ብሔራዊ አንድነት»።

ሦስቱም የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን መሪ ቃሎች ነበሩ። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ጅግጅጋ፣ አንዱ አርባ ምንጭ ላይ ተሰቅሏል። የትኛው የት? ባነሩን ያሳተመው ሰው ካልሆነ በስተቀር በቃሉ የሚመልስ አይገኝም። ቦታቸውን ብናለዋውጥ የሐዋሳው የአርባ ምንጩን፣ የአርባ ምንጩ የጅግጅጋውን መክፈቻ ያለ አንዳች ችግር ያገለግላል። ከዝግጅቱ አንድ ዘፈን አይቀየርም፤ አንድ እንግዳ አይቀርም።

ቅደም ተከተሉ ከላይ እንደተጻፈው ነው፤ የ2015ቱ ሐዋሳ፣ የ2016ቱ ጅግጅጋ፣ የ2017ቱ አርባ ምንጭ።

ለፍርድ እንዳይከብድ መልካሙን ማስቀደም ይገባል። የበዓሉ ስያሜ ራሱ በደንብ የተሠራ ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው፤ ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ስም ይከበራል። አስተናጋጅ ከተማው ይቀያየራል፣ ተራ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ስሙ አይነካም። ጅግጅጋ በ2006 ስምንተኛውን፣ በ2016 ደግሞ አሥራ ስምንተኛውን አስተናግዳለች። «የጅግጅጋው» ብቻ ያለ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ቁጥሩ ይለይለታል። በስያሜ ረገድ ሥራው ያለቀ ነው። የተበላሸው ከስያሜው ሥር ያለችው መስመር ናት።

ዓመታዊ የባህል ፌስቲቫል ሁለት ስም ያስፈልገዋል፤ የሁለቱ ሥራም ለየቅል ነው። አንደኛው ሰው በየዓመቱ የሚጠራበት፣ ልጅ ከአባቱ ሰምቶ የሚይዘው፣ አሥር ዓመት ቢደጋገም የማይሰለች ስያሜ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዘንድሮውን ከአምናው የሚለይ መሪ ቃል ነው። የመጀመሪያው ካልጸና፣ ሁለተኛው ካልተለወጠ ሁለቱም ከንቱ ናቸው። በየወረዳውና በየዞኑ የሚቋቋሙ የበዓል ኮሚቴዎች ግን ነገሩን ገልብጠው ይሠሩታል። ስያሜውን በየዓመቱ ያሻሽሉታል፤ መሪ ቃሉን ግን በየዓመቱ አንድ ዓይነት ያደርጉታል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። መልአክ ካወጣቸው የሚመስሉት የበዓል ስሞች ኮሚቴ ያልነካቸው ናቸው። አሸንዳን ውሰዱ። አሸንዳ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ረጅም ቅጠል ነው፤ በዓሉ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ነሐሴ 16 ሲደርስ ልጃገረዶቹ ቅጠሉን አስረው ይወጣሉ። በስሙ ውስጥ ዓመት የለም፣ የመሥሪያ ቤት ስም የለም፣ ግብም የለም። በእጅ የሚጨበጥ ነገር ብቻ ነው ያለው። ቅጠሉ በየክረምቱ ስለሚበቅል ስሙም በየክረምቱ አዲስ ነው።

የአማራ ክልል በዓሉን በክልል ደረጃ ማክበር ሲጀምር ችግር ገጠመው፤ ሦስት አካባቢ፣ ሦስት ስም። ቀላሉ መንገድ «የልጃገረዶች የባህል ፌስቲቫል» የሚል ጃንጥላ ዘርግቶ ሦስቱንም ከሥሩ ማስገባት ነበር። እንደዚያ አልተደረገም። «ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ሶለል» ተብሎ ሦስቱም ጎን ለጎን ተጻፉ። ለባነር ይረዝማል፤ ለጋዜጠኛ ምላስ ያስቸግራል። ነገር ግን የሰቆጣዋም፣ የላሊበላዋም፣ የቆቦዋም ልጅ የራሷን ስም እዚያ ታገኘዋለች። ረጅምና ትክክል የሆነ ስም፣ አጭርና የማንም ካልሆነ ስም ይሻላል።

አሁን ደግሞ ወደ ኮሚቴው ስሞች። «የባህል፣ የቱሪዝምና የኢንቨስትመንት ፌስቲቫል» የሚባል ነገር ያልተዘጋጀበት ዞን ማግኘት ያዳግታል። ይህ የበዓል ስም ሳይሆን ወጪውን የተጋሩ መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ ይፈርሳል። በ2014 የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ለሁለት ተከፍሎ ባህል ከስፖርት ጋር ተጣመረ፤ ቱሪዝም ብቻውን ቆመ። ከሚኒስቴሩ ስም ተቀድቶ የተሰየመ ፌስቲቫል በአንድ አዋጅ ያለፈበት ሆነ ማለት ነው።

በክልል ስም የተሰየመውማ የባሰ ነው። የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ከሚለው ስም ሲዳማ በ2012 ወጣ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ፣ የቀረው በ2015 ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። ክልሉን የሚጠራ የበዓል ስያሜ ሁሉ ባለቤት አጣ። ፍቼ ጨምበላላ ግን ክልሉ ሲቀየር አንድ ፊደል አልተቀየረበትም። ስሙ ቀን እንኳ አልያዘም፤ ቀኑን የሲዳማ አባቶች ከዋክብትን አይተው ይናገራሉ።

ሌላም አለ፤ «1ኛው ዓመታዊ»። አንድ ጊዜ እንኳ ያልተደገመ ነገር እንዴት ዓመታዊ ይሆናል? ተራ ቁጥር ከስያሜው ጎን እንጂ በስያሜው ሆድ ውስጥ መግባት የለበትም። ጸጥታ ወይም በጀት አንድ ዓመት ሲያዘልል ቁጥሩ ይቀጥል ወይስ ይዝለል የሚል ክርክር ይነሳል። ዓመተ ምሕረቱን መጻፍም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ በተለይ በውጭ ለሚኖረው። ኅዳር 2017 በፈረንጆቹ 2024 ነው፤ ጥር 2017 ግን 2025 ነው። በጥር የሚከበር በዓል ላይ «2017» ብቻ ከተጻፈ ዋሽንግተን ያለው ተመልካች ከስምንት ዓመት በፊት ያለፈ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ነገሩን መሬት ለማውረድ አንድ ማር አምራች ወረዳ እናስብ። ኮሚቴው ተሰብስቦ «1ኛው ዓመታዊ የባህል፣ ቱሪዝምና ኢንቨስትመንት ፌስቲቫል፣ ባህላችን ለብልጽግናችን በሚል መሪ ቃል» ብሎ ቃለ ጉባኤ ይዟል። ይህ ዓረፍተ ነገር ወረዳው ማር እንዳለው አይናገርም። ወረዳውን የሚያውቅ ሰው ግን አደይ አበባ ረግፎ፣ በጥቅምት ማለቂያና በኅዳር ማር እንደሚቆረጥ ያውቃል። እንግዲያው ስያሜው ሩቅ አይደለም፦ «ማር ቆረጣ»፣ ከፊቱ የአካባቢው ስም፣ አለቀ። ወረዳው ነገ ሁለት ቢሆን፣ ቢሮው ስሙን ቢቀይር፣ ንቧ ግድ የላትም። በየዓመቱ ማር ይቆረጣል፤ ስሙም በየዓመቱ እውነት ይሆናል።

መሪ ቃሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት «ቀፎ» ይሁን። ወዲያው ሥራ ይጀመራል፤ ቀፎ የሚያበጁት ተፈልገው ይጠራሉ፣ ባህላዊውና ዘመናዊው ቀፎ ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ከየትኛው ስንት ኪሎ እንደተቆረጠ ንብ አናቢው ራሱ ይናገራል። በሁለተኛው ዓመት «ጠጅ»። ጠጅ ጣዮች መድረኩን ይይዛሉ፤ ጌሾ ሻጯ ትመጣለች፤ ብርሌ ይደረደራል፤ ማሩን በስኳር የሚቀላቅለውም ስሙ ሳይጠራ ይነሳል። የአምናው ቀፎ ሠሪ ባዛሩ ላይ ሊሸጥ ይችላል፣ መድረኩ ግን ዘንድሮ የእርሱ አይደለም። በሦስተኛው ዓመት «ንቧ የት ሄደች?» ቢባልስ? ፀረ አረም ኬሚካል የሚረጨው ገበሬና ንቡ ያለቀበት አናቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ግብርና ጽሕፈት ቤቱም መልስ ይጠየቃል። እንዲህ ያለው መሪ ቃል በእርግጥ ይመራል፤ ማን እንደሚጠራ፣ ምን እንደሚታይ፣ ማን ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚቆይ ይወስናል። በ«ባህላችን ለብልጽግናችን» ምክንያት ከመድረክ የቀረ ሰው አለ? አንድም የለም። መሪ ቃል ባዶ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በዓለም ትልቁ የሚባለው የቬኒስ ቢያናሌ ይህን ለይቶ ይሠራል። የተጀመረው በ1895 ነው፤ ስሙ ቢያናሌ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ መሆኑን ራሱ ቃሉ ይናገራል። በ2022 መሪ ሐሳቡ «የሕልም ወተት» ነበር፤ በ2024 «ባዕዳን በየቦታው»። ሁለተኛውን የመረጠው ብራዚላዊው አድሪያኖ ፔድሮዛ ቃሉን ለጌጥ አልሰቀለውም። ስደተኛውን፣ ከአገሩ የተሰደደውን፣ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ የሚታየውን ሠዓሊ እየፈለገ አስገባበት። አልወደደውም ያለ ተቺ ብዙ ነበር፤ ግን የሚነቀፍ ነገር ስለነበረው ነው የተነቀፈው። ኢትዮጵያ በራሷ ድንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችውም በዚያው ዓመት ነው፤ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች ይዛ።

«እኛ ዘንድ መሪ ቃል ከበላይ ይጸድቃል፤ ማንንም የማያስቀይም መሆን አለበት» የሚል መልስ እንደሚመጣ ይታወቃል። ይህ ሰበብ ግማሹ እውነት ነው። ፖለቲካው ስስ በሆነበት አገር አንድ ቃል ጠብ ሊጭር ይችላል። ነገር ግን «ቀፎ» ማንን ያስቀይማል? «ጠጅ»ስ? አስቀያሚ የሆኑት እንዲያውም ትልልቆቹ ቃላት ናቸው። «አንድነት» ሲባል አንዱ መዋጥን፣ «ብዝኃነት» ሲባል ሌላው መለያየትን ይሰማል። ኮሚቴው ጠብ ለመሸሽ ብሎ የሚመርጣቸው ቃላት አገሪቱ ውስጥ ከፍተኛ ጠብ የተነሳባቸው ናቸው።

ችግሩ ከፊሉ የሰዓት ነው። ኮሚቴው በቅድሚያ የጭፈራ ቡድኖቹን ይመዘግባል፣ ድንኳን ይከራያል፣ የክብር እንግዳ ይጠራል። መሪ ቃል የሚፈለገው ማተሚያ ቤቱ «ባነሩ ላይ ምን ይጻፍ?» ብሎ ሲደውል ነው። ዝግጅቱ አልቆ የሚመጣ ቃል የሚመራው ነገር ስለማያገኝ «X ለ Y» በሚል ቀመር ይሞላል፤ አንድነት ለሰላም፣ ባህል ለልማት፣ ሰላም ለአንድነት። የማር ቆረጣው ወረዳ የመጪውን ዓመት መሪ ቃል መወሰን ያለበት የዘንድሮው በተጠናቀቀ ማግስት፣ በታኅሣሥ ነው። ያን ጊዜ ጠጅ ጣዮቹን ለማነጋገር ዐሥር ወር ተኩል ይኖረዋል።

ባነሩም ያኔ ሁለት ይሆናል። ስያሜው የተጻፈበት ከጠንካራ ሸራ ተሰፍቶ በየዓመቱ ከመጋዘን እየወጣ ይሰቀላል። ከሥሩ የምትንጠለጠለው አጭር ጨርቅ ብቻ በየዓመቱ ትታተማለች።