ጆሮ የማይሰማውን መጻፍ

በአዲስ አበባ የሚገኘው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ከ1907 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈረንሳይኛ ሲያስተምር ኖሯል። የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ ተማሪ ግን በየሳምንቱ እዚያ መመላለስ ስለማይሆንለት፣ ስልኩን ይዞ የቃል ጽሕፈት በግሉ ይለማመዳል። ታዲያ ብዙዎች ለልምምዱ ደረጃ የሚያወጡለት በዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው። በእኔ እምነት ግን መለኪያው ሌላ ነው፤ ጆሮ ለጸሐፊው ምን ያህል ይረዳዋል የሚለው ነው።

በአማርኛ «አለ» ጠብቆም ላልቶም አጻጻፉ ያው ነው፤ ጆሮ የሚለየውን ፊደሉ አያሳይም። ፈረንሳይኛ ደግሞ ጆሮ የማይሰማውን ጭምር ይጽፋል። እነዚህን እንመልከት፦

```
Elle prépare le kitfo.
Elles préparent le kitfo.
Elles achètent le kotcho.
```

የመጀመሪያው ስለ አንዲት ሴት፣ ሁለተኛው ስለ ብዙ ሴቶች ክትፎ ማዘጋጀት ይናገራል። ሲነበቡ ግን ልዩነት የላቸውም፤ በሁለተኛው ላይ የተጨመሩት `s` እና `nt` ድምፅ አይሰጡም። ሦስተኛው ላይ ግሱ በአናባቢ ስለሚጀምር `s` «ዝ» ሆኖ ይሰማል፤ «ኤልዛሼት» ይባላል። ቆጮ የምትገዛው አንዲት ሴት ብትሆን «ኤላሼት» እንል ነበር።

ስለዚህ አንደኛ ደረጃ ላይ እንደ ሦስተኛው ያሉ፣ ጆሮ ቁጥሩን የሚነግረን ዓረፍተ ነገሮች ይግቡ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ድምፁ ዝም ይላል፤ ፍንጩ ከፊት ካለው ዓረፍተ ነገር ይመጣል። `Mes sœurs sont là.` («እህቶቼ እዚህ ናቸው») ከተባለ በኋላ «ክትፎ ያዘጋጃሉ» ቢከተል፣ ተማሪው ብዙ ቁጥር መሆኑን አስቦ ይደርስበታል። ያለ ፍንጭ ብቻውን ከተሰጠ ግን ፈተናው ግምት ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ደረጃ እውነተኛ ዜና ነው። የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ራዲዮ `Journal en français facile` የተባለውን የአሥር ደቂቃ ዝግጅት ከነጽሑፉ ያወጣል። ጽሑፉን ሳያዩ ግማሽ ደቂቃ ያህሉን ይምረጡ። አንዴ ሳይጽፉ እስከ መጨረሻው ያዳምጡ፤ ከዚያ በየአምስት ስድስት ቃሉ እያቆሙ ይጻፉ፤ በመጨረሻም ድምፁን ዘግተው እያንዳንዱን ግስ «ባለቤቱ ማን ነው? አንድ ነው ወይስ ብዙ?» እያሉ ይመርምሩ።

ጽሑፉን ከፍተው ሲያርሙ ሁለት ቀለም ይያዙ፦ ቀይ ለጆሮ ስህተት፣ ሰማያዊ ለሰዋስው ስህተት። `tout` የተባለውን `tu` ብለው ከጻፉ ስህተቱ የጆሮ ነው፤ በ`tu` ውስጥ ያለው አናባቢ አማርኛ ውስጥ ስለሌለ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ማዳመጥ ይጠቅማል። ድምፁ ልክ ሆኖ `nt` ከቀረ ግን ስህተቱ የሰዋስው ነው፤ መቶ ጊዜ ቢያዳምጡት አይሰማም። የሚበጀው ወደ ግስ እርባታው መመለስ ነው።

ቀይና ሰማያዊውን ሳይለዩ የስህተት ብዛት ብቻ የሚቆጥሩ ሰዎች ምን መለማመድ እንዳለባቸው አያውቁም። ከዛሬ ጀምሮ ደብተርዎን በሁለት ቀለም ያርሙ፤ ቀጣዩን ልምምድ የሚመርጥልዎ የበዛው ቀለም ነው።