ማጠቃለያ ፍርድ ቤት አይቆምም

ቡሬ የበቆሎና የበርበሬ አገር ናት። የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ በኋላ የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ደግሞ አምራችና ገዢ ገና ከዘር በፊት ስለሚፈራረሙት ውል ደንግጓል። እንዲህ ያለው ውል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሆኖ ፈራሚው ብዙ ነው። አሥራ አምስት ገጽ ሰነድ ለአርባ ገበሬ ይቀርባል፤ አርባውም አያነበውም። ከተማ የተማረ ልጅ ወይም የማኅበሩ ጸሐፊ ያነብና በግማሽ ገጽ ያሳጥረዋል፣ ወይም በድምፅ መልእክት ይልከዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ውሉን እንዳወቀ ይቆጠራል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። «ዋናው ነገር ገብቶናል፤ ጠበቃ ምን ያደርጋል?» የሚለው ክርክር በየስብሰባው ይሰማል። ሰው ዋናው ነገር የሚለው የኩንታሉን ዋጋና የክፍያውን ቀን ነው። ገበሬን ፍርድ ቤት የሚያቆመው ግን ብዙ ጊዜ ዋጋው አይደለም። ዋጋውንማ ማንም አይረሳውም።

ማጠቃለያ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደሚዋዋል፣ ምን ያህል ምርት እንደሚፈለግ፣ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይሰጥ እንደሆነ፣ ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል ይናገራል። አንድ ገበሬ በዚህ ውል ውስጥ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ከቤተሰቡ ጋር እንዲመክር ይህ ይበቃዋል። ለመፈረም ግን አይበቃም።

ምክንያቱ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተጽፏል። አንቀጽ 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከዚያ ወጥቶ «ሐሳባቸው እንዲህ ነበር» እያለ ሊተረጉም እንደማይችል ይናገራል። የተፈረመበት ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ማስረጃ ነው፤ «ሲነገረን እንዲህ አልነበረም» ብሎ በምስክር ማፍረስ አይቻልም። ማጠቃለያውን የጻፈው ልጅ ቅን ነው፤ ቅንነቱ ግን ዳኛ ፊት አይመዘንም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ማጠቃለያው እንዲህ ይላል እንበል፦ «እያንዳንዱ አባል 50 ኩንታል በቆሎ በ3,000 ብር ያስረክባል፤ የ20,000 ብር ግብዓት በብድር ይወስዳል፤ ያላስረከበ መቀጫ አለበት።» ሐሰት የለበትም። ሙሉው ውል ግን እርጥበቱ ከ13.5 በመቶ ያልበለጠ በቆሎ ብቻ እንደሚቆጠር፣ ላልቀረበው ምርት የዋጋው 30 በመቶ መቀጫ እንደሚከፈል፣ የግብዓቱን ዕዳ አባላቱ በአንድነትና በነጠላ እንደሚከፍሉ ይገልጻል።

ገበሬው በኅዳር 50 ኩንታል ሰብስቧል፤ እርጥበቱ ግን 20 በመቶ ነው። ያ በቆሎ እስከ 13.5 በመቶ ሲደርቅ ወደ 46 ኩንታል ይወርዳል። አንድ ፍሬ ሳይሸጥ፣ ሳይሰረቅ አራት ኩንታል ያህል ጎደለ ማለት ነው። ዋጋው 12,000 ብር፣ መቀጫው 3,600 ብር ይሆናል። ይህን ለመያዝ ጠበቃ አያስፈልግም፤ እህል የሚያውቅ ሰውና ሚዛን ይበቃሉ። ሚዛኑ የማን ነው? እርጥበቱን የሚለካው ማን ነው? ገበሬው ቆሞ ያያል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ገበሬ ከጠበቃ ይልቅ አጥርቶ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሁሉንም ገጽ ለጠበቃ ማስነበብ ገንዘብ ማባከን ነው የሚሉት እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

ጠበቃ የግድ የሚያያቸው አራት አንቀጾች ግን አሉ።

የመጀመሪያው የጋራ ኃላፊነት ነው። አርባው አባል የወሰደው ብድር 800,000 ብር ነው። አሥሩ ባይከፍሉ የጎደለውን 200,000 ብር ገዢው ከአንድ ደህና ገበሬ ሊጠይቅ ይችላል፤ «በአንድነትና በነጠላ» ማለት ይህ ነው። ይባስ ብሎ ቃሉ በውሉ ባይጻፍም ነገሩ አይቀርም። አንቀጽ 1896 ለአንድ ዕዳ አብረው የገቡ ሰዎች ሌላ ስምምነት ከሌላቸው እንዲህ ኃላፊ እንደሚሆኑ ደንግጓል። ማጠቃለያ የተጻፈውን ያሳጥራል፤ ያልተጻፈውንና ሕጉ የሚሞላውን ከየት ያመጣዋል? አባሉ ዋስ ሆኖ የሚፈርም ከሆነም የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር መጻፍ አለበት፤ አንቀጽ 1922 ያለዚያ ዋስትናው አይጸናም ይላል።

ሁለተኛው መቀጫው ነው። መቀጫ የሚጠየቀው ገዢው መክሰሩን ሳያስረዳ ነው። ስለዚህ መጠኑ ከመፈረም በፊት ክርክር ይገባዋል፤ ገዢው ምርቱን ሳያነሳ ቢቀር እሱስ ምን ይከፍላል የሚለውም እንዲሁ።

ሦስተኛው ከአቅም በላይ ስለሆነ ነገር የሚናገረው ነው። «በረዶ ቢመታ ማን ይጠይቀናል» የሚለው እምነት አደገኛ ነው። ሕጉ የሚምረው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ውሉን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ሲደርስ ነው። በየዓመቱ በሚመታ ቀበሌ በረዶው ያልታሰበ ነው ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። የገበያ ዋጋ መወደድ ወይም መርከስማ፣ በአንቀጽ 1764 መሠረት፣ ብቻውን ውሉን አያስቀርም። በረዶ፣ ተምችና የመንገድ መዘጋት በስማቸው መጻፍ አለባቸው።

አራተኛው ክርክሩ የሚታይበት ቦታ ነው። በማጠቃለያ ላይ «አለመግባባት በግልግል ይፈታል» ተብሎ ሲነበብ የአገር ሽማግሌ ይመስላል። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 የሚመራው የግልግል ዳኝነት ግን ሌላ ነው፤ ተከራካሪዎች ካልተስማሙ በቀር በውሳኔው ላይ ይግባኝ የለም። ቦታው አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ የቡሬ ገበሬ ለ3,600 ብር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ነው። ከመሄድ መክፈል ይሻለዋል፤ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

«ጠበቃ ውድ ነው» የሚለው መልስ ለአንድ ሰው እውነት ነው። ለአርባ ሰው ግን አይደለም። ጠበቃው አራት አንቀጽ እንዲያይ 8,000 ብር ቢጠይቅ ለእያንዳንዱ 200 ብር ይደርሰዋል። ውሉ የጋራ ከሆነ ወጪውም የጋራ መሆን ይችላል።

ማጠቃለያ የሚጽፉ ሰዎችም ሊያደርጉት የሚገባ ነገር አለ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ የውሉን አንቀጽ ቁጥር ይጻፉ፤ መጨረሻ ላይም ያላካተቷቸውን አንቀጾች ይዘርዝሩ። አንባቢው ያላወቀውን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው። ማንበብ ለማይችል አባል ደግሞ ሕጉ ራሱ ጥበቃ አድርጓል፦ በአንቀጽ 1728 መሠረት የእሱ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ውል በሚያዋውል ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይህን ሥርዓት «ጊዜ ይፈጃል» ብሎ የሚዘል አስፈራሚ የሚጣደፈው ለማን ብሎ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ ውል አንድ አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሲል አይቷል። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው «ይቻላል» ያለውን ጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበር፤ ጠቡም አድዋ ደረሰ። የቡሬ ገበሬ ጦር የለውም። ያለው ከመፈረሙ በፊት ያለችው አንድ ሳምንት ናት፤ ያችን በድምፅ መልእክት መለወጥ የለበትም።