ስለ ሳምንታዊ የሕክምና ፈቃድ፤ ሠራተኛው እንዴት ይጠይቅ፣ ነጋዴውስ እንዴት ይመልስ

በንግድ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ሲታመም ጥቂት ቀን ተኝቶ፣ ድኖ የሚመለስበት በሽታ አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሕመም ፈቃድ መስጠት ማንንም አያስቸግርም። ነገር ግን በየሳምንቱ በታወቁ ቀኖች ወደ ሐኪም ቤት መመላለስን የሚጠይቅ፣ ለወራት አንዳንዴም ለዕድሜ ልክ የሚቀጥል ሕክምና ደግሞ አለ። ከዚህም ዓይነት ዋነኛው የኩላሊት እጥበት ነው። የፈቃድ ማመልከቻ ሁሉ በነጋዴ ጸሐፊ እጅ ስለሚያልፍ፣ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለክቡራን ነጋዴዎች ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ። አሳቤም ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ፈቃድ በየዕለቱ በቃል እየተለመነ የሚሰጥ ሳይሆን፣ የሳምንቱ ቀኖች ተለይተው በተጻፉበት አንድ ሰሌዳ ተጠይቆ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ሊፈቀድ ይገባዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት የሕክምናውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኩላሊቱ መሥራት ያቆመ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ቈሻሻና ትርፍ ውሃ የሚያስወግድለት መኪናው ነው። የተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ አራት ሰዓት ያህል በመኪናው ላይ መዋል ነው፤ ቁጥሩን ግን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ቀኖቹ ተራርቀው መደልደል አለባቸው፤ ምክንያቱም በሁለት እጥበቶች መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቍጥር አደጋው ይበረታል። አንድ ቀን የዘለለ ሕመምተኛ እግሩ ሊያብጥ፣ በጀርባው ሲተኛ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ በደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው ፖታስየም የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ምልክት ሳያሳይ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ «ዛሬ ገበያ ስለሆነ ለነገ አድርገው» ብሎ ማዘዝ የሚቻልበት ነገር አይደለም። ነገ ደግሞ መኪናው በሌላ ሕመምተኛ ተይዟል፤ የእጥበት ክፍሎች ሕመምተኞቻቸውን በቀንና በሰዓት መድበው ነውና የሚሠሩት።

ከዚህ የተነሣ ሠራተኛው ለአሠሪው ከማመልከቱ በፊት የሚፈጽመው አንድ ነገር አለ። ይኸውም የእጥበት ክፍሉን ቀኖች ማወቅ፣ ምርጫም ካለ ከሥራው ጋር የሚስማማውን መጠየቅ ነው። በብዙ ስፍራ ድልድሉ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ አንደኛው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። ተራ ከተያዘ በኋላ መለወጥ ስለሚያስቸግር፣ ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ቢቀርብ ይሻላል።

በእኛ በጨፋ ሸለቆ የዚህ ምርጫ ልዩነት ቀላል አይደለም። የሰንበቴ ገበያ እሑድ፣ የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ እንደሚውል ሁሉም ያውቃል። ዓርብም የጁምዓ ቀን ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የደረሰው ሠራተኛ የባቲን ገበያ ፈጽሞ ያጣዋል፤ ጁምዓውም በጕዞ ያልፈዋል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የደረሰው ግን እሑድም ሰኞም በገበያው ላይ ይገኛል። በተጨማሪም ረጅሙ ዕረፍት ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ስለሆነ፣ ሁለቱን የገበያ ቀኖች የሚያሳልፈው ከእጥበቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀኖች ነው። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ያዘዘለት እንደሆነ ደግሞ ረቡዕና ቅዳሜ ለእኛ አገር ገበያ የተመቹ ናቸው።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በከሚሴ ከተማ የማሾና የማሽላ መጋዘን የሚጠብቅ፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ አንድ ሠራተኛ በሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ደሴ ለእጥበት ይመላለሳል እንበል። መንገዱ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አራቱ ሰዓት ከመሄጃውና ከመመለሻው ጋር ሲደመር ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሰውዬው በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ፣ ዓርብ የሚያርፍ ከሆነ፣ ሦስቱ የሕክምና ቀኖች ከስድስቱ የሥራ ቀኖች ግማሹን ይወስዳሉ። ሆኖም ሠራተኛው በፈቃዱ የሳምንት ዕረፍቱን ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ቢያዛውር፣ ከሥራ የሚቀረው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ይሆናል። ዓርብ ለጁምዓ ከሚወጣበት ሰዓት በቀር በሥራው ላይ ይውላል። ይህን ለውጥ ማቅረብ የሚገባው ግን ሠራተኛው ራሱ ነው፤ የዕረፍት ቀኑን ለሕክምና የሚሰጥ ሰው ዕረፍት አጥቷልና አሠሪው ሊያስገድደው አይገባም።

የደመወዙስ ነገር እንዴት ይሆናል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ስለ ሕመም ፈቃድ የደነገገው በአንቀጽ 85 እና 86 ነው። ፈቃዱ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም፤ የሚቈጠረውም በተከታታይ ወይም በተለያየ ጊዜ ነው። እንግዲህ በየሳምንቱ ሁለት ቀን መቅረትም በዚሁ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ክፍያው ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወሮች የደመወዙ ግማሽ፣ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ነው።

ወሩን 30 ቀን አድርገን፣ እያንዳንዱን የቀረበትን ቀን እንደ አንድ ቀን ብንቈጥር ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀር ሰው ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልባቸውን 30 ቀኖች በ15 ሳምንት ይጨርሳል። ግማሽ የሚከፈልባቸው 60 ቀኖች ደግሞ ለ30 ሳምንት ይበቁታል። ዓመቱ ሊሞላ የቀሩት 7 ሳምንቶች 14 ቀኖች ይሆናሉ፤ እነዚህ ያለ ደመወዝ የሚውሉ ናቸው። ነገር ግን አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ እነዚህን 14 ቀኖች ከዓመት ፈቃዱ መሸፈን ይቻላል። እንግዲህ ነጋዴው በዓመቱ ውስጥ ያለ ሥራ የሚከፍለው የሕመም ደመወዝ በጠቅላላው የ60 ቀን ያህል ነው። ይህም አዲስ ሰው ቀጥሮ መጋዘኑን፣ ሚዛኑንና ደንበኞቹን ከማስተማር ጋር ሲመዛዘን የሚከብድ አይመስለኝም።

ማመልከቻው አጭርና ግልጽ ይሁን። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፤

«ለተከበሩ አሠሪዬ። ከዚህ ጋር ያያያዝሁት የሐኪም ማስረጃ እንደሚያስረዳው፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሰጥ የማይቋረጥ ሕክምና ታዞልኛል። ስለዚህ ከመጪው ወር መጀመሪያ ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ሙሉ ቀን ከሥራ እንድቀር እንዲፈቀድልኝ፣ ሦስተኛው የሕክምና ቀን ቅዳሜ ስለሆነም የሳምንት ዕረፍቴ ወደ ቅዳሜ እንዲዛወርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። እሑድ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በሥራዬ ላይ እገኛለሁ። የምቀርባቸው ቀኖች ዋዜማ ማታ የዕቃውን መዝገብና የመጋዘኑን ቍልፍ ለተተኪዬ ቈጥሬ አስረክባለሁ። የሕክምናው መስመር በተሠራበት ክንዴ ከባድ ዕቃ እንዳላነሣ ስለታዘዝሁ፣ ኵንታል ከማንሣት ሥራ እንድታቀብ እለምናለሁ። መንገድ ቢዘጋ ወይም የሕክምናው ቀን ቢለወጥ እንዳወቅሁ በስልክ አስታውቃለሁ። ይህ ሰሌዳ ከሦስት ወር በኋላ በአዲስ የሐኪም ማስረጃ እንዲመረመር እስማማለሁ።»

ስለ ክንዱ የተነገረው እንደ ሰበብ የሚታይ አይደለም። ለእጥበት ሲባል በክንድ ውስጥ ደም ወሳጁና ደም መላሹ ሥር በቀዶ ሕክምና ተጋጥመው መስመር ይዘጋጃል፤ ያ መስመር በጭነት ተጎድቶ ቢደፈን ሕክምናው ይስተጓጐላል። ስለ መንገዱም የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በዚህ መሥመር ላይ ምን እንደደረሰ ሁላችን እናስታውሳለን። መንገዱ ያሠጋ እንደሆነ ሕመምተኛው በዋዜማው ሄዶ ማደር ይኖርበታልና፣ ሰኞ ከባቲ ገበያ ሳይመሽ እንዲለቀቅ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ግን በሁለት ነገር ይለያል። አጥንቱ ተሰብሮ የተጠገነ ወይም ከፊል አካሉ ሽባ ሆኖ የነበረ ሰው በሐኪሙ ዘንድ የሚቈየው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ሕክምናውም በአብዛኛው የሚያልቅበት ጊዜ አለው። ስለዚህ ሕክምናው በከተማው የሚገኝ ከሆነ ሙሉ ቀን ሳይሆን የጧት ሰዓት መጠየቅ ይበቃል፤ በማመልከቻው ላይም የመጨረሻው ሳምንት ይጻፍ። ለዚህ አዋጁ ራሱ ይረዳል፤ የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳንሶ፣ ከስምንት ሰዓት በላይ በቀን ከሁለት ሰዓት ሳይበልጥ ወደ ሌሎቹ የሳምንቱ ቀኖች ማከፋፈል ይፈቅዳልና። የኩላሊት ሕመምተኛን ግን ትርፍ ሰዓት ሠርተህ ተካ ማለት ሐኪሙ ካልፈቀደ በቀር አይገባም፤ ከእጥበት ወጥቶ በማግሥቱ እንኳ የሚደክም ብዙ ነው።

በመጨረሻ ለነጋዴው የምለው ስለ መልሱ ነው። በቃል «እሺ፣ እናያለን» የተባለ ፈቃድ በአንድ የሥራ ብዛት ይረሳል፤ ሠራተኛውም ከሥራዬ እባረራለሁ ብሎ በመፍራት የሕክምና ቀኑን መዝለል ይጀምራል። ስለዚህ መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ የተፈቀዱት ቀኖች፣ የክፍያው አኳኋን፣ ተተኪው ሰው፣ ሰሌዳውም እንደገና የሚመረመርበት ቀን ይጠቀሱበት። በሱቁ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የሥራ ድልድል የሚቀርባቸውን ቀኖች ብቻ ያሳይ። የሐኪሙ ማስረጃ ግን በጸሐፊው ሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ፤ የሰው ሕመም ለደንበኛና ለተሸካሚ የሚነገር ጉዳይ አይደለምና።