ዓይን ይመለሳል፤ ጆሮ ግን አይመለስም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዐውደ ጥናት ላይ የመጀመሪያዬን የምርምር ንግግር ሳደርግ የተሰጠኝ ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ነበር። ዝግጅቴ ቀላል ነበር። አስቀድሜ ልኬው ተቀባይነት ያገኘውን አኅጽሮተ ጥናት በስድስት ስላይዶች ላይ ከፋፍዬ ለጠፍኩት፤ ከዚያም ቆሜ አነበብኩት። የመድረኩ መሪ «ጊዜህ አልቋል» ሲሉኝ ገና የናሙና አወሳሰዱን እያስረዳሁ ነበር። ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ውጤት በአዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው ሳይሰማው ወረድኩ።

ያን ጊዜ ጥፋቱን በሰዓቱ ማጠር አመካኘሁ። ዛሬ ግን የማምነው ሌላ ነው። አኅጽሮተ ጥናት ለዓይን የተሠራ ጽሑፍ ነው፤ ንግግር ደግሞ ለጆሮ ይሠራል። ስለዚህ አንዱን ቆራርጦ ሌላውን ማድረግ አይቻልም፤ ፈትቶ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ለምሳሌነት የመረጥኩት ብዙዎቻችን የምናውቀውን የእንዶድ ምርምር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች፣ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ከዚያ በኋላ በዚያው ከተማ ሰፊ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። የሙከራውን ውጤት እኔ ራሴ በአኅጽሮተ ጥናት ቋንቋ ብጽፈው የሚከተለውን ይመስላል፦

«በዐድዋ ከተማ ወንዞች ውስጥ የብልሃርዝያ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ለመግደል፣ ሳፖኒን በተሰኘው ንጥረ ነገር የበለጸገውን የደረቀና የተፈጨ የእንዶድ ፍሬ በመጠቀም ለአምስት ዓመታት በተካሄደ የመስክ ሙከራ፣ በአጠቃላይ ነዋሪው ዘንድ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆነ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተረጋግጧል።»

በወረቀት ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ነውር የለበትም። አንባቢው ካልገባው ተመልሶ ያነባል። በአዳራሽ ውስጥ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አድማጩ «መውረዱ ተረጋግጧል» የሚለውን እስኪሰማ ድረስ ወንዙን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ሳፖኒኑን፣ አምስቱን ዓመትና አራት ቁጥሮችን በአእምሮው ተሸክሞ መቆየት አለበት።  ሸክሙ ሲከብደው ይጥለዋል፤ የጣለውንም ጆሮ ተመልሶ አያነሣውም።

አንዱን ቁጥር መምረጥ

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ስላይድ መክፈት አይደለም። «አድማጬ ነገ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውስ የትኛውን ላስታውሰው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከላይ ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ውጤቶች አሉ። ብዙዎቻችን የምንመርጠው ሰፊውን ማለትም ከ63 ወደ 33 የወረደውን ነው፤ መላውን ከተማ ይመለከታልና። እኔ ግን የሕፃናቱን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በበሽታው አካሄድ ውስጥ ይገኛል።

የብልሃርዝያ ትል በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። እንቁላሉ ከሰው ወጥቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም በብዛት ወጥቶ ውኃ የነካውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። እንዶድ የሚቆርጠው ይህን ሰንሰለት በቀንድ አውጣው ላይ ነው። አስቀድሞ የታመመውን ሰው አያድንም። ስለዚህ በአዋቂዎች ዘንድ የሚገኘው ቁጥር አሮጌውንና አዲሱን ሕመም ቀላቅሎ ይይዛል። ሙከራው ሲጠናቀቅ ከ1 እስከ 6 ዓመት የነበሩት ሕፃናት ግን አብዛኞቹ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለዱ ወይም ያኔ ገና ጨቅላ የነበሩ ናቸው። መተላለፉ መቀነሱን በግልጽ የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ የንግግሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ይሆናል፦ «ቀንድ አውጣውን ብንገድል አዲስ የሚታመሙ ሕፃናት ይቀንሳሉ።» ቁጥሩም ለጆሮ ተለውጦ ይነገራል። «ከሃምሳ በመቶ ወደ ሰባት በመቶ» ከማለት «ሙከራው ሲጀመር ከሁለት ሕፃናት አንዱ ታማሚ ነበር፤ ሲያበቃ ከዐሥራ አራት ሕፃናት አንዱ» ማለት ይሻላል። ትክክለኛው በመቶኛ በስላይዱ ላይ ይቀመጥ፤ ለዓይን ነውና።

ዐሥሩን ደቂቃ መክፈል

አኅጽሮተ ጥናት መልሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ንግግሩ ግን ጥያቄውንና መልሱን በመጀመሪያው ደቂቃ ይናገር። ከዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል ለበሽታው ሰንሰለት፣ ሁለት ደቂቃ በወንዙ ላይ ለተሠራው ሥራ፣ ሦስት ደቂቃ ለውጤቱ፣ አንድ ደቂቃ ለውጤቱ ወሰን፣ አንድ ደቂቃ ለማጠቃለያ ይሰጥ። ድምሩ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ነው። የቀረችው ግማሽ ደቂቃ ስላይድ ሲለወጥና ትንፋሽ ሲወሰድ ታልቃለች።

«በደቂቃ ይህን ያህል ቃል» የሚለውን በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ እንዳለ መውሰድ አይገባም። በአማርኛ «አልነገርኳቸውም» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አራት ቃላት ይፈልጋል። የሚያዋጣው የራስን አንድ ገጽ ድምፅ አውጥቶ በሰዓት ማንበብ ነው።

የቃል ምልክቶች

መጽሐፍ ርእስና ንዑስ ርእስ አለው። ተናጋሪ ግን የት እንደደረሰ የሚያሳየው በአፉ ብቻ ነው። በየክፍሉ መግቢያ ላይ የሚነገሩትን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች የቃል ምልክት እላቸዋለሁ። ለምሳሌያችን የሚከተሉትን አዘጋጅቻለሁ፦

«ዛሬ የምመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቀንድ አውጣን በመግደል ብልሃርዝያን መቀነስ ይቻላል ወይ? መልሴ ይቻላል የሚል ነው።»

«ለምን ቀንድ አውጣ እንደመረጥን ለመረዳት በመጀመሪያ የበሽታውን ሰንሰለት እንይ።»

«እንግዲህ ደካማው ቀለበት ቀንድ አውጣው መሆኑን አየን። አሁን በዐድዋ ወንዞች ላይ ምን እንደተሠራ ልንገራችሁ።»

«ሥራው ይህ ነበር። ምን ተገኘ? ከንግግሬ ሁሉ ይህን አንድ ሥዕል ያዙልኝ።»

«ይህ ውጤት የማያሳየው ነገርም አለ።»

«ለማጠቃለል ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ።»

ሦስተኛውን ልብ በሉ። መጀመሪያ ያለፈውን ይዘጋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ይከፍታል። ሐሳቡ ሄዶበት የነበረ አድማጭ በዚህች በር ተመልሶ መግባት ይችላል። «ቀጥሎ ወደ ሚቀጥለው ስላይድ እንሄዳለን» የሚለው ግን ምልክት አይደለም። ስላይዱ መለወጡን አድማጩ ራሱ ያያል፤ ያላወቀው ለምን እንደተለወጠ ነው። የምልክት ብዛትም ይጎዳል። በየዓረፍተ ነገሩ «በሁለተኛ ደረጃ፣ በሦስተኛ ደረጃ» የሚል ሰው መንገዱን በሰሌዳ ይሸፍነዋል።

ምልክቶቹ ሥራቸውን መሥራታቸውን የምታውቁበት ሁለት ቀላል ፈተና አለ። አንደኛው ምልክቶቹን ብቻ በተከታታይ ማንበብ ነው፤ ታሪኩን ካልነገሩ ክፍሎቹ አልተያያዙም ማለት ነው። ሁለተኛው ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣ ጓደኛን አስቀምጦ መለማመድና በአራተኛው ደቂቃ ላይ ድንገት ቆሞ «አሁን የት ነን? ወዴትስ እየሄድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጓደኛችሁ ከዝርዝሩ አንዱን ነገር ቢያስታውስም ይህን መመለስ ካቃተው ችግሩ የእርሱ ሳይሆን የንግግሩ ነው።

«ማቅለል ማዛባት ነው» ለሚሉ

አንዳንድ መምህራን በዚህ አይስማሙም። ሳይንስን ለጆሮ ማመቻቸት ትክክለኛነቱን ይሸረሽራል ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። በእኛው ምሳሌ አንድ ተናጋሪ «እንዶድ ብልሃርዝያን ያድናል» ቢል አጭርና ግልጽ ተናግሯል፤ ነገር ግን ተሳስቷል። እንዲሁም «በሽታው ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ» ብሎ «በሕፃናት ዘንድ» የሚለውን ቢተው የመላው ከተማ ውጤት አስመስሎታል።

ሆኖም መድኃኒቱ ሁሉንም ነገር መናገር አይደለም። ሁሉን የተናገረ ሰው ገደቡንም በዝርዝሩ መካከል ይቀብረዋል። የሚወገደውንና የማይወገደውን መለየት ይገባል። ፍሬው እንዴት እንደደረቀና እንደተፈጨ፣ የሳፖኒኑ ኬሚካዊ አወቃቀር፣ የስታትስቲክሱ ዝርዝር ከንግግሩ ቢወጡ ድምዳሜው አይለወጥም፤ ለጥያቄ ጊዜ በሚያገለግሉ ተጨማሪ ስላይዶች ላይ ይቀመጡ። ማንን ነው የለካነው፣ ከምን ጋር አነጻጸርን፣ ምን አላረጋገጥንም የሚሉት ግን ቢወጡ ድምዳሜውን ይለውጡታል። ስለዚህ «ይህ ውጤት የማያሳየው ነገርም አለ» ለሚለው ክፍል የራሱን ሙሉ ደቂቃና የራሱን ምልክት ሰጠሁት። እዚያ ላይ «ወንዙን ማከም አስቀድሞ የታመመውን አያድንም፤ ከመድኃኒት ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም» ተብሎ በግልጽ ይነገራል። አኅጽሮተ ጥናቱ ላይ ይህ ጭራሽ አልነበረም። በዚህ ረገድ ንግግሩ ከጽሑፉ ይበልጥ ታማኝ ሆነ።

እርግጥ በየዐውደ ጥናቱ ብዙዎቻችን የምንናገረው በእንግሊዝኛ ነው። እንዲያም ሆኖ ሥራው ያው ነው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው በተለይ ስድስቱን ምልክቶች ቃል በቃል ይያዛቸው፤ በመካከላቸው ያለውን ግን በራሱ አነጋገር ይናገር። መሐል ላይ ቢደናቀፍ ቀጣዩ ምልክት ያነሣዋል።

የእኔ ያ ንግግር ከናሙና አወሳሰድ ሳያልፍ ቀርቷል። ውጤቱን በመጀመሪያው ደቂቃ ብናገረው ኖሮ የመድረኩ መሪ ቢያስቆሙኝም አዳራሹ ይዞት ይወጣ ነበር።