ቁጥርም ይተረጎማል፦ ስለ ሆቴል ማሳሰቢያዎች

በሜክሲኮ አካባቢ የሚገኙ ሆቴሎች ሁለት ዓይነት እንግዳ ያስተናግዳሉ። አንዱ ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ከውጭ የሚመጣ ሲሆን፣ ሌላው ለሠርግ፣ ለሥልጠና ወይም ለዋና ጎራ የሚል የአገር ሰው ነው። ማሳሰቢያዎች በሁለት ቋንቋ የሚጻፉትም ለሁለቱም እንዲሆኑ ነው። አማርኛው እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ሲከተል ግን ሁለተኛው እንግዳ ይጎዳል። በእኔ እምነት የማሳሰቢያ ትርጉም መመዘን ያለበት ከምንጩ ጋር በመመሳሰሉ ሳይሆን አንባቢው አንብቦ በሚያደርገው ነገር ነው።

የመዋኛ ገንዳን ሰዓት እንውሰድ። ገንዳው በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 6 ሰዓት ተከፍቶ ማታ 8 ሰዓት ይዘጋል እንበል። ሰሌዳውን የሚሠራው ባለሙያ ቃላቱን ለተርጓሚ ይልካል፤ ቁጥር የማይተረጎም ይመስለዋልና «6፡00 – 8፡00» የሚለውን እንዳለ ይገለብጠዋል። በራሱ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ከዚህ የሚረዳው ገንዳው ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ክፍት መሆኑን ነው። ዐሥራ አራት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ ማለት ነው። በዚህ ላይ «ፑል» ተብሎ ከተጻፈ፣ አንባቢው በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱትን ጨዋታ ሊያስብ ይችላል።

ይህን ስህተት የተለመደው የመልሶ ትርጉም ፍተሻ አያገኘውም። «6፡00» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ያው ስድስት ነውና ፍተሻውን ያልፋል። ትክክለኛው ጽሑፍ «መዋኛ ገንዳው ከንጋቱ 12፡00 እስከ ምሽቱ 2፡00 ሰዓት ክፍት ነው» የሚል ነው። «ንጋት» እና «ምሽት» የሚሉት ቃላት ሊዘለሉ አይገባም፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነብ እንግዳ የቁጥሮቹ ልዩነት የአቆጣጠር እንጂ የስህተት አለመሆኑን የሚያውቀው በእነርሱ ነው።

የአሳንሰር ማሳሰቢያ ደግሞ የግሥ ጉዳይ ያስነሳል። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታም አክብሮትም አይለይም፤ አማርኛው ግን መምረጥ ግድ ይለዋል። «በእሳት ጊዜ ሊፍቱን አትጠቀም» ሲባል ሴቷ እንግዳ ተዘልላለች፣ ታላቁም ሰው «አንተ» ተብሏል። «መጠቀም ክልክል ነው» ማለት ከዚህ ያድናል፤ ነገር ግን በጭስ ውስጥ ለቆመ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አይነግረውም። በተጨማሪም ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ክልከላው የሚነበበው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ መደረግ ያለበት ቢቀድም ይሻላል፦ «እሳት ቢነሳ በደረጃ ይውረዱ። አሳንሰር አይጠቀሙ።»

በመውጫው በርም ላይ አንድ ቃል ለውጥ ያመጣል። «የአደጋ መውጫ» አደጋው የሚወጣበት ሊመስል ሲችል፣ «የአደጋ ጊዜ መውጫ» ግን አያሻማም።

ሰሌዳው ከመታተሙ በፊት እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው አማርኛውን ብቻ ሰጥቶ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ ገንዳው የሚዘጋው መቼ ነው? እሳት ቢነሳ በየት ይወጣሉ? መልሱ ከተሳሳተ መታረም ያለበት አንባቢው ሳይሆን ሰሌዳው ነው።