«ደህና ነው፣ አልሰከረም» ብለን አንተኛ



ባለፈው ገና ማግስት ቤቴ የሆነውን ላጫውታችሁ። የ16 ዓመቱ ልጄ ከጓደኛው ቤት እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ተመለሰ። አፉ ቢራ ቢራ ይሸታል። ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ምላሱም አልተሳሰረም። አባቱ «ደህና ነው፣ አልሰከረም፤ ተዪው ይተኛ» አለኝ፤ እኔም ተጽናናሁ። ጠዋት ስጠይቀው ግን ማን በመኪና እንዳመጣው አያስታውስም! ያመጣው የጓደኛው ታላቅ ወንድም እንደሆነ ያወቅነው ደውለን ነው።

ያኔ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት። አዋቂ ሰው መጠጥ ሲበዛበት ሰውነቱ ያስጠነቅቀዋል፤ እንቅልፍ ይጫጫነዋል፣ እግሩ ይወላገዳል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ልጅ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ ደከም ያለ ነው። በወጣት አይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ልጁ «ምንም አልሆንኩም» እያለ ይጨምራል ማለት ነው። በአንጻሩ አዲስ ትዝታ የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ በመጠጥ ቶሎ ይደናቀፋል። ስለዚህ አንድ ልጅ እያወራና እየተራመደ አንጎሉ ግን ምንም ላይመዘግብ ይችላል። የኔ ልጅ ረስቶ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበለትም።

ከግንባር ጀርባ ያለው፣ «ቆይ እስቲ፣ ይቅርብኝ» የሚያሰኘን ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሠራ ነው። በዚህ ጊዜ አብዝተው በሚጠጡ ልጆች ላይ የማስታወስና ትኩረት የመስጠት ችሎታ ቀንሶ ታይቷል። ከጉዳቱ ምን ያህሉ ከመጠጡ፣ ምን ያህሉ ቀድሞ ከነበረ ችግር እንደመጣ መለየት ቀላል አይደለም። እኔ ግን በልጄ ላይ መሞከር አልፈልግም።

አሁን ወደ እኛ ጓዳ ልግባ። ብዙዎቻችን በበዓል ቀን ለልጆች ጠላ ወይም ጠጅ «ቅመሱ» እንላለን። «ውጭ ከሚማር እኛ ፊት ይልመድ» የሚል ወላጅም አለ፤ እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ። በአውስትራሊያ ወደ 1,900 የሚጠጉ ልጆችን ለስድስት ዓመት የተከታተለና በ2018 የታተመ ጥናት ግን ወላጅ መጠጥ መስጠቱ ልጁን እንደሚጠብቀው ምንም ማስረጃ አላገኘም። እንዲያውም ከወላጅ ያገኙ ልጆች ከሌላ ሰውም የማግኘት ዕድላቸው ሰፍቶ ታይቷል። የቤት ጠጅ ደግሞ ጥንካሬው አይታወቅም፤ ጣፋጭነቱም ያታልላል። በእኔ አስተያየት ይህን ልማድ እንተው። ብርዝና ቡቄ አሉልን፤ በዓሉ አይጎድልበትም።

ልጅ ጠጥቶ ከመጣ ሌሊቱ የምክር ሰዓት አይደለም፤ የጥበቃ ሰዓት ነው። ምን እንደጠጣና መቼ እንዳቆመ ብቻ ጠይቁት፤ በጎኑ አስተኙት፤ ብቻውን አትተዉት። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር መጠጡን አያወጣውም፤ ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው። ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ፣ ተኝቶ ካስመለሰው፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 ጊዜ ካነሰ ወይም 10 ሰከንድ ያህል ከተቋረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ ወዲያው 911 ይደወል። «ሰው ምን ይለናል» የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

ንግግሩ በማግስቱ ነው። እኔ ልጄን ምሳ ካበላሁት በኋላ መኪና ውስጥ ነበር ያናገርኩት፤ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ይቀለዋል።

«ማታ ፈርቼ ነበር። እስቲ እንዴት እንደነበር ንገረኝ» አልኩት።

«እማዬ፣ ሁሉም ይጠጣ ነበር። እኔ ደህና ነበርኩ።»

«ደህና የሆንክ መስሎህ ነበር። ማን እንዳመጣህ ግን አታውቅም።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ምክንያቱን በአጭሩ ነገርኩትና ሕጋችንን ተነጋገርን፦ በዚህ አገር 21 ዓመት ሳይሞላው መጠጥ የለም። ለሁለት ቅዳሜ ከቤት አይወጣም። ግን ራሱ ቢጠጣ ወይም የሚነዳው ሰው ቢጠጣ በየትኛውም ሰዓት ይደውልልኛል፤ እኔም ያን ሌሊት ሳልቆጣ አመጣዋለሁ።

ይህን ማለት መፍቀድ አይደለም። ጩኸትን የፈራ ልጅ መጠጡን አይተውም፤ ስልኩን ነው የሚያጠፋው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ ልጄ ደወለ። «እማዬ፣ ነይ ውሰጂኝ» አለኝ። ሄድኩ፤ መንገዱን ሙሉ ምንም አልጠየቅኩትም።

እናንተም ልጆቻችሁ ወደ ጓደኛ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ደውላችሁ «ማታ ቤት ውስጥ አዋቂ አለ? መጠጡስ የት ነው የሚቀመጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጋ ስትደውሉ አልቀየማችሁም።