በተራራ ላይ ብርዱ የሚጀምረው ከላብ ነው

አንዲት አንባቢ በታኅሣሥ ወር ከልጃቸውና ከዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ሊሄዱ ነው። «ጠዋት ውሃ በረዶ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል አሉኝ። ታዲያ ለየትኛው ልልበስ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁ ስለሚሆን እዚሁ እመልሳለሁ።

ብዙ ሰው ብርድን ሲፈራ ወፍራም ካፖርት ያዘጋጃል። በዳገት ላይ ግን ሰውን በይበልጥ የሚጎዳው የራሱ ላብ ነው። ሲወጡ ያልብዎታል፣ ካናቴራው ይርሳል፤ ቆም ሲሉ ነፋሱ ሲያገኘው እርጥቡ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ይዞት ይሄዳል። የጥጥ ልብስ ደግሞ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ የጥጥ ካናቴራና ጂንስ ለዚህ መንገድ አይሆኑም። ጋቢዎን ይያዙ፤ ማታ ደርቆ ሲለብሱት ግን እንጂ ሲራመዱ አይደለም።

ከሰውነት ጋር የሚነካካው ልብስ ቶሎ የሚደርቅ ይሁን። ውድ ነገር መግዛት የለብዎትም፤ እጀ ረጅም የኳስ ማሊያ ይበቃል። በላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ሰፊ ጃኬት። ሱፍ ቢርስም እንኳ ጥቂት ሙቀት ይይዛል፤ የደጋው ሰው በርኖሱን ከበግ ጠጉር የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ቀኑን አብረን እንሂድ። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የቧሂት ጫፍ ከ4,400 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት ስድስት ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ላይኛው ከሰፈሩ አምስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲነሱ ሦስቱንም ልብስ፣ ኮፍያና ጓንት ያድርጉ። ሩብ ሰዓት ያህል ከተራመዱ በኋላ ይቁሙና ሹራቡን ያውልቁ። እስኪያልብዎ አይጠብቁ፤ ሲራመዱ ትንሽ ቢበርድዎ ልክ ነዎት ማለት ነው። ላይ ደርሰው ሲያርፉ ደግሞ ሻይ ከመቅዳትዎ በፊት ሹራቡን መልሰው ይልበሱ።

እዚህ ላይ አያቶች ልብ በሉ። በበቅሎ የሚሄድ ሰው እግሩን አያንቀሳቅስም፤ ስለዚህ ከሚራመደው ያነሰ ሙቀት ያመነጫል። አባት በቅሎዋን እየሳበ በላብ ሲጠመቅ፣ ከላይ የተቀመጠው ልጅ ወይም እናቱ ሊንቀጠቀጡ ይችላሉ። የተቀመጠ ሰው ከሚራመደው አንድ ልብስ ይጨምር፤ ጉልበቱም ላይ ብርድ ልብስ ይደረግለት። በየግማሽ ሰዓቱም ወርዶ ትንሽ ይራመድ።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ሲበረታ ሁሉን ማውለቅ ያምራል። ነገር ግን በከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐዩ ቆዳን በፍጥነት ያቃጥላል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነም መቃጠልዎን ቶሎ አያውቁትም። እጀ ረጅሙ ማሊያ አይውለቅ፤ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ይጨመር።

ሰፈር ሲደርሱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከሰውነት የተነካካውን ሁሉ እስከ ካልሲው ይቀይሩ። ለዚህ የሚሆን አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ለብቻው ይቀመጥ፤ ቀን አይነካ። የነገውን ማሊያ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዘው ይተኙ፤ ንጋት ላይ ሞቆ ያገኙታል።

ልብሱ እንዳልበቃ የሚያሳውቁት እጆች ናቸው። ልጁ ቁልፉን መቆለፍ ካቃተው፣ በአውራ ጣቱ ትንሿን ጣቱን መንካት ከከበደው፣ ከተደናቀፈ ወይም ዝም ካለ፣ ይቁሙ። ከነፋስ ያስጠጉት፣ እርጥቡን ያውልቁለት፣ ደረቅ ያልብሱትና ደኅና አድርጎ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሻይ ይስጡት። አረጋውያን ላይ መንቀጥቀጡ ደካማ ስለሚሆን «አልበረደኝም» ማለታቸውን ብቻ አይመኑ፤ እጅዎን ልብሳቸው ውስጥ አስገብተው ሆዳቸውን ይንኩ። ሆድ ከቀዘቀዘ ብርዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። መንቀጥቀጡ ሰውየው ሳይሞቅ ቢቆም ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ሐኪም ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ግን ልብስ አይፈታውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ ከፍታው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከዚያ በላይ አይውጡ፤ ከባሰም ወደ ታች ይውረዱ።